ግራሲያስ ከነማብራሪያው

በእኛ አገር የምስጋና ንግግር የሚረዝመው ተናጋሪው ቋንቋውን ስለሚችል ነው። «ጊዜያችሁን ላለመሻማት» ብሎ የጀመረ ሰው እስኪጨርስ ድረስ ወጡ ይረጋል። ሰሞኑን ባሕር ዳር በተካሄደ የጀማሪዎች የስፓኒሽ ኮርስ መዝጊያ ላይ ግን አንድ ጎልማሳ አስጎብኚ ይህን ወግ ሊያፈርሰው ምንም አልቀረውም። የሚያውቀው ቃል አለቀበታ!

ጎጃም ለስፔናዊ እንግዳ አዲስ አይደለም። ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ግሽ ዓባይ ድረስ ዘልቋል፤ እሱ ግን አማርኛውን ራሱ ተምሮ ስለነበር አስጎብኚዎቻችን ለመማር አልተቸኮሉም።

ሰውየው ወረቀቱን ዘርግቶ እንዲህ አነበበ፦

«ቡዌናስ ታርዴስ አ ቶዶስ። ግራሲያስ፣ ፕሮፌሶራ፣ ፖር ሱ ፓሲየንሲያ። ግራሲያስ አ ሚስ ኮምፓኜሮስ ፖር ሱ አዩዳ። አኦራ አብሎ ኡን ፖኮ ዴ ኤስፓኞል። ኤስቶይ ሙይ ኮንቴንቶ። ግራሲያስ አ ቶዶስ።»

ሁላችሁም እንደምን ዋላችሁ፤ መምህርት፣ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ፤ ጓደኞቼንም ስለ እርዳታቸው፤ አሁን ጥቂት ስፓኒሽ እናገራለሁ፤ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አለቀ።

አጭር ነው ተብሎ አይናቅ። የሚመሰገነው ሰው «አ»ን፣ የሚመሰገንበት ምክንያት «ፖር»ን ይከተላል፤ ጀማሪ ሁሉ እዚህ ላይ «ፓራ» ብሎ ይሰናከላል። በወረቀቱም ላይ ሁለት «ፓራ» ተሰርዘው ይታዩ ነበር። «ዮ» ማለትም «እኔ» አንድ ጊዜ እንኳ አልገባችም፤ እንደ እኛው «እናገራለሁ» ሁሉ «አብሎ» ተናጋሪውን በውስጡ ይዟል። ከሁሉም የከበደው «ሱ» ማለትም «የእርስዎ» ነበር። ከማድሪድ የመጣችው መምህርት «ቱ» በሉኝ፣ በእኛ አገር ተማሪ መምህሩን አንተም አንቺም ይላል ብላ ክፍሉን ስታግባባ ከርማለች። እሱ ግን «መምህሬን አንቺ ብዬ ደጀን ያለችው እናቴ ብትሰማ የት እገባለሁ?» ብሎ በእርስዎ ጸና።

አዳራሹ ጭብጨባውን የጀመረው ዘግይቶ ነው፤ መግቢያው ያለቀ መስሎት ቀሪውን ይጠብቅ ነበር። የክብር እንግዳው ስማቸው ስላልተነሣ ፊታቸው ጠቆረ። ይህን ያየው የመድረክ መሪ ማይክሮፎኑን ነጠቀና «ለማያውቁት ባጭሩ ልተርጉመው» አለ። በትርጉሙ ውስጥ ፈጣሪ ቀደመ፣ የክብር እንግዳው ተከተሉ፣ አዳራሹን የፈቀደው ቢሮ፣ ወንበር ያዋሱት ዕድር፣ ሻይ ያፈሉት እናቶች፣ «ጊዜ ስለማይበቃ ስማቸውን ያልጠቀስኳቸው» ሳይቀሩ ተሰለፉ። እንጀራው ጫፉ ደረቀ።

መምህርቷ ግራ ተጋብታ ወደ ተማሪዋ ጠጋ አለችና፣ ይህን ሁሉ ሰው መቼ አመሰገንህ ብላ ጠየቀችው።

«የመጨረሻዋ ቶዶስ ውስጥ አሉ፣ ፕሮፌሶራ።»