«ከትንሽ ጀምሩ» ለሚሉን አንደበተ ርቱዓን የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሳምንት በአንድ የቴክኒክና ሙያ ማሠልጠኛ ምረቃ ላይ ተገኝቼ፣ «ከትንሽ ጀምሩ፣ ታገሡ» የሚለውን ንግግር እንደ አዲስ ለመስማት ታድያለሁ። ሁላችሁም ስለምታውቁት አልደግመውም። የክብር እንግዳው ታሪካቸውን ከሊስትሮ ሣጥን ይጀምሩና ሦስተኛው ዓረፍተ ነገር ላይ ባለ ሕንፃ ይሆናሉ፤ በመካከል ያሉትን ዓመታት «ከዚያማ በፈጣሪ ርዳታ» ብለው ያልፏቸዋል። ይህ ቁጠባ ሊደነቅ ይገባዋል፤ እኛ እንድንታገሣቸው የታዘዝናቸውን ዓመታት እርሳቸው ለማውራት እንኳ አልታገሡምና።

ከተመራቂዎቹ አንዱ ብየዳ የተማረ ልጅ ነው እንበል። የመጀመሪያ ሥራው ቁመቱ 2.10፣ ወርዱ 0.90 ሜትር የሆነ የብረት በር ነው። አንድ ቱቦላሬ 6 ሜትር ስለሆነ መቃኑ 5.10 ይወስድና 90 ሳንቲ ሜትር ይተርፈዋል፤ ሁለተኛው ብረት ለመዝጊያው ዙሪያ ይበቃል፤ ከመጀመሪያው የተረፈው ደግሞ የመሐል አግዳሚ ይሆናል። ልጁ ሁለት ቱቦላሬ፣ ላሜራና የእጁን ዋጋ ደምሮ ሒሳቡን ለደንበኛው ይናገራል። ኤሌክትሮዱን፣ የመቁረጫ ዲስኩን፣ ማጠፊያውን፣ የዝገት መከላከያ ቀለሙንና የጋሪውን ኪራይ ግን አልደመረም። ማዕዘኖቹን ሁሉ ነካ ነካ አድርጎ ሳያያይዝ አንዱን ማዕዘን ሙሉ በሙሉ ይበይደዋል፤ ብየዳው ሲቀዘቅዝ ብረቱን ስቦ ያጣምመዋል። ሁለቱን ሰያፎች ቢለካቸው ኖሮ እኩል አለመሆናቸውን ገና ሳይሰቅለው ያውቅ ነበር፤ ያወቀው ግን በሩ አልዘጋ ሲል ነው። ፈትቶ ሲቆርጠው አንዱ ቋሚ ያጥርበትና ሦስተኛ ቱቦላሬ ይገዛል፤ ትርፉም በዚያው ያልቃል። የክብር እንግዳው ይህን ሁሉ «ውድቀት የስኬት እናት ናት» በሚል አንድ ሐረግ መጠቅለል መቻላቸው፣ ሒሳብ አያያዝ ለሚያስተምሩ መምህራን ትልቅ እፎይታ ነው።

በሩ ተስተካክሎ ተሰቀለ። ደንበኛው ግማሹን በቀብድ ከፍለዋል፤ ቀሪውን «ሰሞኑን ና» ይላሉ። ሰሞኑን ሲሄድ ክፍለ ሀገር ናቸው፤ ሲመለሱ ስልክ አያነሡም፤ ሲያነሡ «አንተ ልጅ፣ ትዕግሥት የለህም!» ይላሉ።

እዚህ ላይ ሽሙጡ ይቅርብኝ። ይህ ትዕግሥት አይደለም፤ ዝርፊያ ነው። ልጁ ለሚቀጥለው በር ብረት የሚገዛው በዚያ ቀሪ ገንዘብ ነበር። ብረት ደግሞ እርሱ ደጅ ሲጠና ዋጋው ቆሞ አይጠብቀውም። «አዝጋሚ» እየተባሉ የሚወደሱት ዓመታት ያዘገሙት ልጁ ስለሰነፈ ሳይሆን፣ ሠርቶ ያስረከበበትን ገንዘብ ሌላ ሰው ኪሱ ውስጥ ስላቆየበት ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። ለመጪው ዓመት ምረቃ አንድ ትሑት ሐሳብ አለኝ፤ የክብር እንግዳ የሚሆኑ ሁሉ ወደ መድረኩ ከመውጣታቸው በፊት፣ የራሳቸውን የግቢ በር ለሠራላቸው ልጅ ቀሪውን የከፈሉበትን ደረሰኝ በመግቢያው ላይ ያሳዩ። ደረሰኙ ቤት ተረስቶ ከሆነም ግድ የለም፤ ተመራቂው ታግሦ ይጠብቃቸዋል።