ዝምታ ማለት ድምፅ ማጥፋት አይደለም

«የአንድ ደቂቃ አስፈሪ ቪዲዮ እየጻፍኩ ነው። ደም አላሳይም፤ በምትኩ አስፈሪው ቦታ ላይ ድምፁን ሙሉ በሙሉ አጠፋለሁ። ዝምታ ያስፈራል አይደል?»

ደሙን መተውዎ ደግ ነው። ድምፁ ጭራሽ ሲጠፋ ግን ተመልካቹ አይፈራም፤ ስልኩ የተበላሸ መስሎት የድምፅ ቁልፉን ይነካካል። ጸጥ ያለ ቤት እንኳ የራሱ እምምታ አለው። ቀረጻው ሲያልቅ ሁሉም ዝም ይበልና የክፍሉን ድምፅ ብቻ ለ30 ሰከንድ ቀርጸው ከሌሎቹ ድምፆች ሥር ያስኪዱት።

የሚያስደነግጠው የለመድነው ድምፅ ሲቀር ነው። ለምሳሌ ሴትየዋ ሽንኩርት ትከትፋለች፤ ከጓዳ የቧንቧ ውኃ በየሁለት ሰከንዱ ባልዲ ውስጥ ጠብ ይላል። ጆሮ እስኪረሳው 20 ሰከንድ ይቀጥል። ከዚያ ጠብታው ይቆማል። ቢላዋውም ይቆማል። ለ4 ሰከንድ የክፍሉ ድምፅ ብቻ፤ ካሜራው ከፊቷ አይነሳ። ጠብታው እንደገና ይጀምራል፤ አሁን ግን የሚወድቀው ጨርቅ ላይ ነው። ጓዳውን አያሳዩ። ሙዚቃም አይጨምሩ፤ እኔ ጨምሬ አበላሽቼዋለሁ።

ሲጨርሱ ያለ ጆሮ ማዳመጫ፣ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ያድምጡት። የጨርቁ ጠብታ ድምፁ የታፈነ ስለሆነ በትንሽ ድምፅ ማጉያ ሊጠፋ ይችላል፤ ከጠፋ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደግመው ይቅረጹት።