ድምሩ ገጠመ ማለት ተመሳከረ ማለት አይደለም

«ድምሩ ገጥሟል እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን ይፈተሻል?»

ከምኑ ጋር ነው የገጠመው? የመስክ ሂሳብ ሲወራረድ ደረሰኞቹ ስካን ይደረጋሉ። ፕሮግራሙ ቁጥሮቹን ያነብና ኤክሴል ላይ ይደረድራቸዋል። ከዚያ SUM ይደምራል። ያ ድምር የሚያሳየው ሠንጠረዡ ውስጥ የገባውን ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን አያውቅም። ስለዚህ ሁለተኛ ድምር ያስፈልጋል፦ ሠንጠረዡን ያላየ ሰው ዋናዎቹን ደረሰኞች ይዞ በካልኩሌተር የደመረው።

አምስት ወረቀት ያለበትን አንድ የመስክ ሂሳብ እንይ። የሆቴል 3,036.00 ብር። የጽሕፈት መሣሪያ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ 2,116.00። ከዚያው ሱቅ በእጅ የተጻፈ የእጅ በእጅ ሽያጭ ደረሰኝ 2,116.00። የምሳ 1,265.00። በእጅ የተጻፈ የመኪና ኪራይ ደረሰኝ 4,750.00። በካልኩሌተር ሲደመር 13,283.00 ይመጣል። ሠንጠረዡ ግን 13,338.00 ይላል። ልዩነቱ 55 ብር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው 55 ብር የሚል ወረቀት ፍለጋ ይገባል። ድካም ብቻ ነው። ልዩነቱ የሁለት ስህተቶች ቅልቅል ሊሆን ይችላል፣ አንዱ ሲጨምር ሌላው ቀንሶ። መጀመሪያ እያንዳንዱ ረድፍ ከራሱ ጋር ይታረቅ። ከታክስ በፊት ያለው፣ ቫቱና ጠቅላላው በሦስት የተለያዩ ዓምዶች (D፣ E፣ F) ይግቡ። ቀጥሎ በእያንዳንዱ የቫት ደረሰኝ ረድፍ ላይ ይህ ይጻፍ፦

```
=ROUND(D2+E2-F2,2)
=ROUND(D2*0.15-E2,2)
```

ሁለቱም ዜሮ መስጠት አለባቸው። ጥቂት ሳንቲም ከማጠጋጋት ሊመጣ ይችላል። ከታክስ ነፃ ዕቃ ያለበት ደረሰኝ ደግሞ ሁለተኛውን አያልፍምና ለብቻው ይታያል። በእኛ ሂሳብ ምሳው ተያዘ። 1,100 ሲደመር 165፣ 1,265 ነው። ሠንጠረዡ ግን 1,500 ይላል። ፕሮግራሙ ያነሳው TOTAL ከሚለው መስመር ሳይሆን ከሥሩ CASH ከሚለው ነበር። ደንበኛው 1,500 ብር ሰጥቶ 235 ብር መልስ ተቀብሏል። የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ ላይ ይህ በተደጋጋሚ ያጋጥማል።

ይህ ሲታረም ሠንጠረዡ 13,103.00 ሆነ። አሁን 180 ብር ይጎድላል። 180 ለ9 እኩል ይካፈላል። የጎረቤት አኃዞች ቦታ ሲለዋወጡ ልዩነቱ ሁልጊዜ ለ9 የሚካፈል ነው። ስለዚህ ፍለጋው ራሱን የሚፈትሽበት ቫት ወደሌለው የእጅ ደረሰኝ ይሄዳል። የኪራዩ 4,750 ነው፣ የገባው 4,570። ታረመ። ሠንጠረዡም ካልኩሌተሩም 13,283.00 አሉ።

ብዙ ቢሮ እዚህ ጋ «ተመሳክሯል» ብሎ ይፈርማል። እኔ የምቃወመው ይህን ፊርማ ነው፤ ሂሳቡ ገና 2,116 ብር ተሳስቷልና። የጽሕፈት መሣሪያው ግዢ አንድ ነው። ሱቁ የዕቃውን ዝርዝር በእጅ ደረሰኝ ጽፎ የማሽኑን ደረሰኝ በስቴፕለር አያይዞለታል። ስካን ሲደረጉ ተለያዩና ሁለት ወጪ ሆኑ። ካልኩሌተር የያዘውም ሁለቱንም ደመረ። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ስህተት ከሠራ ድምር አያጋልጠውም። ትክክለኛው ወጪ 11,167.00 ብር ነው።

ይህን የሚይዘው መለያ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ የማሽን ደረሰኝ የማሽኑ ቁጥርና FS No. የሚለው የደረሰኙ ቁጥር ይመዝገቡ፣ ሁለቱም። FS No. ብቻውን በቂ አይደለም፣ ሌላ ሱቅ ያለ ማሽንም ያንኑ ቁጥር ሊያወጣ ይችላል። ሁለቱ አንድ ላይ ከተደገሙ ግን አንድ ደረሰኝ ሁለቴ ገብቷል። የእጅ ደረሰኙ ረድፍ ላይ ደግሞ አባሪ የሆነበት የማሽን ደረሰኝ ቁጥር ይጻፍ፣ የብሩ ቦታ ዜሮ ይሁን። ረድፉ ግን አይሰረዝ። የወረቀቶቹና የረድፎቹ ብዛት እኩል ሆኖ መቆጠር አለበት።

ቀኑንም ቢሆን ፕሮግራሙ እንዳሻው እንዲተረጉመው አልተውም። ማሽኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ያትማል፣ በእጅ የሚጽፈው ባለሱቅ በእኛው። 05/11/2017 ለባለሱቁ ሐምሌ 5 ነው፣ ለኤክሴል የስምንት ዓመት አሮጌ ወጪ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ወጪው የየትኛው ዓመት እንደሆነ የሚወስነው ይህ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለው እንዳለ በአንድ ዓምድ፣ የተቀየረው በሌላ ዓምድ ይቀመጥ።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን ወረቀቱ እስከተነበበ ድረስ ነው። የማሽን ደረሰኝ በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ኪስ ውስጥና መኪና ውስጥ ይደበዝዛል። ሠራተኛው ከመስክ ሲመለስ አይደለም፣ በገዛበት ዕለት ፎቶ ያንሳው። ደብዝዞ የማይነበብ ቁጥር ካለም በግምት አይሞላ። ክፍት ይተውና ከሻጩ ይጠየቅ።