ደመወዝ የማይለካው ኢኪጋይ

«ኢኪጋይ ማለት የምትወደው፣ የምትችለው፣ ዓለም የሚፈልገውና ገንዘብ የሚከፈልህ ነገር የሚገናኙበት ቦታ ነው።» በአራት ክቦች ታጅቦ በየሥልጠና አዳራሹና በየማኅበራዊ ሚዲያው የሚዘዋወረው ይህ ትርጓሜ ከጃፓን የመጣ አይደለም፤ ቃሉ ግን የጃፓንኛ ሲሆን ለመኖር የሚያጓጓ ነገር ማለት ነው። ሥዕሉ አንድሬስ ሱሱናጋ ከተባለ ስፔናዊ ኮከብ ቆጣሪ የተወሰደ ሲሆን፣ በመጀመሪያ መሀሉ ላይ የተጻፈው «ዓላማ» የሚል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 ማርክ ዊን የተባለ ብሪታንያዊ ያንን ቃል አንሥቶ «ኢኪጋይ»ን ተካበት፤ ክቦቹን ግን አልነካቸውም።

ጃፓናውያን ጉዳዩን እንዴት እንደሚያዩት ለማወቅ የሚሻ ሰው ከሥራ ቅጥር ርቆ ወደ ናጋሺማ ደሴት ቢሄድ ይሻላል። በኦካያማ ግዛት በሚገኘው በዚህ ደሴት ላይ የሥጋ ደዌ ሕሙማን በሕግ ተገድደው ከቤተሰባቸው ተለይተው ይኖሩበት የነበረ ተቋም አለ። የአእምሮ ሐኪሟ ሚዬኮ ካሚያ በዚያ ስትሠራ፣ አንድ ዓይነት መከራ ከተጫናቸው ሰዎች መካከል አንዳንዶቹ ሕይወት ትርጉም እንዳጣባቸው ሲናገሩ፣ ሌሎቹ ግን ለመኖር የሚያጓጓ ነገር እንዳላቸው አስተዋለች፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ መጠየቋም እ.ኤ.አ. በ1966 ስለ ኢኪጋይ ላሳተመችው መጽሐፍ መነሻ ሆነ።

በዚያው ተቋም ዓይነ ስውራን ሕሙማን የሐርሞኒካ ቡድን መሥርተው ነበር። በሽታው የጣቶቻቸውን ስሜት ስላጠፋው በብሬል የተጻፈ የሙዚቃ ኖታ በእጅ ዳስሰው ማንበብ አይችሉም ነበር፤ ስለዚህ ነጥቦቹን በምላሳቸው ማንበብ ተማሩ። ይህን በአራቱ ክቦች እንለካው ብንል ገንዘብ የለበትም፤ ተሰጥኦ የሚባለውም ቢሆን ከብዙ ልፋት በኋላ የመጣ እንጂ አስቀድሞ የተገኘ አልነበረም። ይህን ኢኪጋይ አይደለም የሚል ጃፓናዊ ግን የሚገኝ አይመስለኝም።

ካሚያ ሕይወትን የሚያስወድደውን ነገር፣ ማለትም ልጅን፣ ሥራን ወይም ግጥምን፣ ከእርሱ ከሚገኘው ስሜት ለይታ ተመልክታለች። ሁለቱ ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም፤ ጥሩ ሥራ ይዞም ስሜቱን የሚያጣ አለ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሁለት ሺሕ ጃፓናውያን ላይ በተደረገ ጥናትም ሥራዬ ኢኪጋዬ ነው ያሉት 31 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሥዕሉ ሙያ ለመምረጥ ይረዳል የሚል ካለ አልከራከረውም፤ ለዚያ ከሆነ የቀድሞ ስሙን ይመልሱለት። በኢኪጋይ ስም እስከቀረበ ድረስ ግን ጡረተኛውን፣ ሥራ ያጣውንና አልጋ ላይ የዋለውን ሁሉ «አንተ የለህም» እያለ ነው፤ ካሚያ ግን ጥያቄዋን የጀመረችው ከእነዚሁ ሰዎች ነበር።