«ባላገር» እንዴት ስድብ ሆነ?

«ባላገር ማለት የአገር ባለቤት ማለት አይደለም እንዴ? ታዲያ ሐዋሳ መነኻሪያ ላይ አንዱን ባላገር ብንለው ምን አጠፋን?» ሲሉ አንድ አንባቢ ጠይቀዋል።

አጥፍተናል። ቃሉ ከ«ባለ» እና ከ«አገር» መገጠሙ እውነት ነው፤ ባለቤት፣ ባለሱቅ፣ ባለርስት እንደምንለው። ሰውን የሚያስቀይመው ግን የቃሉ አገጣጠም ሳይሆን ማን ለማን እንደሚለው ነው። በነገሥታቱ ዘመን ባላገር መሬቱን አርሶ ግብር የሚገብረው ነዋሪ ነበር፤ ከእርሱ አንጻር የሚቆመው ወታደሩ ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ባላገሩ ቤት እያደረ ይቀለብ ነበር። ስለዚህ ቃሉ ነውር ባይኖርበትም፣ ያኔም ቢሆን የበላዩ ሰው የበታቹን ይጠራበት ነበር። በኋላ ከተማ ሲሰፋ ከተሜው ወረሰው። ከተሜው ባላገሩን የሚያየው በማሳው ላይ ሆኖ ሳይሆን ገበያ ወጥቶ መንገድ ሲጠፋውና ዋጋ ሲሳሳት ነው። ያ ግራ መጋባት በቃሉ ላይ ተለጠፈ፤ የመሬቱ ጉዳይ ተረሳ።

ለውጡ ማለቁን ሰዋስው ያሳብቃል። «በጣም አናጺ ነው» ቢሉ ለጆሮ አይጥምም፤ አናጺነት ሙያ እንጂ ጸባይ አይደለም። «በጣም ባላገር ነው» ግን ያስኬዳል። የሰው ወገን መጠሪያ የነበረ ስም «በጣም» ን ከተቀበለ ጸባይን መግለጽ ጀምሯል ማለት ነው። በእንግሊዝኛም ዛሬ የፊልም ክፉ ገጸ ባሕርይ የሚጠራበት «ቪለን» የሚለው ቃል መነሻው የገጠር ርስት ላይ የሚሠራ ገበሬ ነበር። የቃላት አወራረድ በድሃ ላይ ሲከፋ ያጋጠመው አማርኛን ብቻ አይደለም። ከተሜው ራሱን የሚጠራባቸው ቃላት ደግሞ ወደ ላይ ይወጣሉ፤ የአዲስ አበባ የገበያ ሰፈር ስም የነበረው «አራዳ» ዛሬ ንቁ፣ ብልጥ ማለት ሆኗል።

«ወሬ» ም እንዲሁ ወርዷል። ዛሬ «ወሬ ነው» ሲባል አትመኑት ማለት ነው። ነገር ግን አንድ ጦር ፈጽሞ ሲጠፋ «ወሬ ነጋሪ እንኳ አልተረፈም» እንላለን። እዚህ ላይ ወሬ ነጋሪ ማለት ሐሜተኛ አይደለም፤ የሆነውን በትክክል ይዞ የሚመለስ መልእክተኛ ነው። የድሮው ትርጉም በዚህች አባባል ውስጥ ሳይነካ ቀርቷል። «ዜና» የሚለው የግእዝ ቃል በጋዜጣና በሬዲዮ በኩል የታመነውን ነገር ሲይዝ፣ ለ«ወሬ» የቀረለት ያልታመነው ነው። ሁለት ቃላት በአንድ ትርጉም ላይ ሲገናኙ ብዙውን ጊዜ አንዱ ይገፋል፤ ባለማዕረጉ ደግሞ ይተርፋል።

ሐዋሳ ውስጥ ይህን መንገድ ላይ ማየት ይቻላል። ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ቆመው «መኪናው ተበላሽቷል» ቢባሉ መጀመሪያ የሚያዩት ወደ አስፋልቱ ነው። ከጣሊያንኛ የመጣው «መኪና» ማንኛውም ማሽን ነበር፤ ብቻውን ሲነገር ጠብቦ ተሽከርካሪ ሆነ፤ ሰፊው ትርጉም «የስፌት መኪና» ውስጥ ተቀምጧል። «ባጃጅ» ተቃራኒውን ሄደ። የአንድ የህንድ ፋብሪካ ስም ነበር፤ አሁን ወደ አሞራ ገደል የሚያደርስዎት ባለሦስት እግር በሌላ ፋብሪካ ቢሠራም ባጃጅ ነው። ያ ጠበበ፣ ይህ ሰፋ። ሁለቱም ማንንም አልጎዱም።

የሚጎዳው ቃሉ በአንድ ቦታ ተለውጦ በሌላው ሳይለወጥ ሲቀር ነው። ደላላ ቤት በር ላይ «ሞግዚት ይፈለጋል» ተብሎ ቢለጠፍ የሚፈለገው በደመወዝ ሕፃን የሚይዝ ሰው ነው። በ1992 ዓ.ም. በወጣው በተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ግን የልጁን አስተዳደግ የሚከታተለው «አሳዳሪ» ሲባል፣ «ሞግዚት» በተለይ የልጁን የንብረት ጥቅም የሚያስተዳድር ነው። ወላጆቹ የሞቱበትን የወንድሟን ልጅ የምታሳድግ አክስት «ሞግዚት ሁኚ» ስትባል ሕፃን ያዥ የተባለች መስሏት «እኔ አክስቱ ነኝ እንጂ ሞግዚት አይደለሁም» ብትል አይፈረድባትም። ቃሉን ባለመቀበሏ ግን ልጁ ከአባቱ የወረሰው ቤት ኪራይ የሚሰበስብለት ሰው ሊያጣ ይችላል።

ሕጉን መለወጥ አያስፈልግም። የማመልከቻ ጸሐፊው «ሞግዚት» ብሎ ከጻፈ በኋላ «ይህም ማለት የልጁን ንብረት የሚያስተዳድር» የምትል ሐረግ ቢጨምርና ከማስፈረሙ በፊት ጮክ ብሎ ቢያነብላት፣ አክስቲቱ ምን እንደምትፈርም ታውቃለች።