ኪሳራን በስላይድ

«ጋሼ፣ ድርጅቱን ዘጋሁት። የተማርኩትን በካሩሰል ኢንስታግራም ላይ ላወጣው ነው። ጉራም እዬዬም እንዳይመስል እንዴት ልጻፈው?» የአክስቴ ልጅ ነው፣ ከአዲስ አበባ።

እኔ ባለሁበት አሜሪካ እንዲህ ያለው ጽሑፍ ሞልቶ ተርፏል፤ አንገሽግሾኛል። የመጀመሪያው ስላይድ «ሁሉን አጣሁ» ይላል፣ የመጨረሻው አዲሱን ድርጅት ያስተዋውቃል። ገንዘቡ በምን አለቀ? የተበተኑት ሠራተኞችስ ደመወዛቸውን አገኙ? አንድም ቃል የለም። አገር ቤት ደግሞ ሲዘጋ «ዶላር ጠፋ፣ ሰው ከዳኝ» ይባላል። ዶላር መጥፋቱ እውነት ነው፤ ግን ባለቤቱ ራሱ የወሰነው ነገር በሁለቱም አገር ተሸፍኖ ይቀራል።

የልጁ ሥራ ምግብ በሞተር ማድረስ ነበር። ረቂቁ «በቀን 200 ትዕዛዝ ደርሰን ነበር» ብሎ ይጀምርና ሦስት ስላይድ ዝቅ ብሎ «ገበያው አልተረዳንም» ይላል። ሒሳቡን ላክልኝ አልኩት። በአንድ ትዕዛዝ ከደንበኛውና ከምግብ ቤቱ 130 ብር ይሰበስባል፤ ለሞተረኛው፣ ለማሸጊያውና ለስልክ ተቀባዩ 170 ብር ይወጣል። ስለዚህ የመጀመሪያው ስላይድ ይህ ይሁን አልኩት፦ «በቀን 200 ትዕዛዝ እናደርስ ነበር፤ በእያንዳንዱ 40 ብር፣ በቀን 8,000 ብር እንከስር ነበር።» ያ 200 ብቻውን ሲቆም ጉራ ነው። ከጎኑ ዋጋው ሲጻፍ ግን ሌላው ነጋዴ የራሱን ሒሳብ እንዲያይ ያደርገዋል።

ሁለተኛው ስላይድ መቼ እንዳወቀና ምን እንዳደረገ ይናገር፦ «ጉድለቱን በሦስተኛው ወር አየሁት። ዋጋ ብጨምር ደንበኛ ይሸሻል ብዬ ስድስት ወር አቆየሁት፤ ወደ 1.4 ሚሊዮን ብር ሄደ።» እንቅልፍ አጥቶ ማደሩን አስወጣሁት። የእንቅልፍ እጦቱ ውሳኔውን ለውጦት ቢሆን ኖሮ ቦታ ነበረው፤ አልለወጠውም። «ተታለልን» የሚለውንም አስወጣሁ፣ ማን እንዳታለለው ሊነግረኝ አልቻለምና።

የአሜሪካኖቹ አጻጻፍ ምንም የማይጠቅመው ሦስተኛው ስላይድ ላይ ነው። እዚህ በማነባቸው ጽሑፎች ብዙ ጊዜ የሚከስረው የማያውቁት ባለሀብት ገንዘብ ነው። የእኛ ልጅ ግን የአጎቱን ገንዘብና የዕቁብ ብር አስገብቷል፤ ጽሑፉን ከሚያነቡት መካከል አበዳሪዎቹ አሉ። «ውድቀት አስተማረኝ» የሚል ስላይድ ብሩ ላልተመለሰለት አጎት ስድብ ነው። ስለዚህ ለሞተረኞቹ የመጨረሻ ወር ደመወዝ መከፈሉን፣ የዘመድ ዕዳ ገና እንደቀረና በየወሩ እየተከፈለ መሆኑን በግልጽ ይጻፍ። ከመለጠፉ በፊትም አጎቱ ያንብቡት፣ ስማቸው እንዳይነሳ ከፈለጉም ይቅር።

መጨረሻው ላይ አዲስ የጀመረውን ሥራ አስገብቶ ነበር። ለሌላ ቀን አስቀምጠው አልኩት፤ በእሱ ቦታ የአንድን ትዕዛዝ ገቢና ወጪ የሚያሳየውን ሠንጠረዥ አስገባ።