«ያናግሩን» ብቻውን ሰው አያናግርም

«የምንለጥፈው ፎቶ ላይክ አያጣም። ኢንቦክሳችን ግን ጭር ያለ ነው። ምን ብለን ብንጽፍ ይሻላል?» ብለው የጠየቁኝ አንዲት የጫማ ሱቅ ባለቤት ናቸው።

ከጽሑፋቸው መጀመሪያ ያየሁት የመጨረሻውን መስመር ነው። «ላይክ፣ ሼር፣ ኮሜንት ያድርጉ፤ ለበለጠ መረጃ ያናግሩን» ይላል። አራት ነገር ከተጠየቀ ሰው ቀላሉን ይመርጣል። ቀላሉ ደግሞ ላይክ ነው፤ አንዴ ነካ ማድረግ ይበቃል።

መልእክት ግን ሐሳብ ይጠይቃል። ምን ብዬ ልጀምር? ጠይቄ ሳልገዛ ብቀርስ? ይሉኝታው ቀላል አይደለም። ስለዚህ የሚጽፈውን ነገር እኛው ብንሰጠው ይሻላል ባይ ነኝ። ያንን መስመር አውጥተን ይህን ተካንበት፦

«የእግርዎን ቁጥር ብቻ በኢንቦክስ ይላኩልን። በቁጥርዎ ያሉትን ጫማዎች ፎቶ እንልክልዎታለን።»

ደንበኛዋ «38» ብላ ትልካለች፣ በቃ። ምን እንደሚላክላት ቀድማ ስለምታውቅ አትፈራም። ለሻጯም ቁጥሩ የግድ ያስፈልጋል፤ ያለሱ ጫማ አይሸጥም። ጥሩ ጥያቄ የምለው እንዲህ ያለውን ነው፦ ለመመለስ የሚቀል፣ ለሽያጩም የማይቀር። ለመጋረጃ ሻጭ የመስኮቱ ስፋት ሊሆን ይችላል፤ ለስልክ ሽፋን ሻጭ ደግሞ የስልኩ ሞዴል።

ዋጋ ደብቆ «በኢንቦክስ ይጠይቁ» ማለትን ግን አልወደውም። መልእክት ያበዛል፣ እውነት ነው። ግን የሚበዛው «ስንት ነው?» ብሎ መልሱን ሲሰማ የሚጠፋው ሰው ነው። ኢንቦክሳችሁን እዩት። ከቁጥር ይልቅ «ስንት ነው?» ከበዛ፣ ዋጋው ፖስቱ ላይ የለም ወይም አይታይም ማለት ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ፌስቡክና ኢንስታግራም ረዘም ያለ ጽሑፍ ቆርጠው የቀረውን ይደብቃሉ። ጥሪው መጨረሻ ላይ ከሆነ ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ መስመሮች ላይ ወይም ፎቶው ላይ ይጻፍ። ፌስቡክ ላይ m.me/ ብሎ የሚጀምረውን የገጻችሁን ሊንክ ብትጨምሩ፣ የነካው ሰው በቀጥታ መጻፊያው ላይ ያርፋል። ኢንስታግራም ላይ ግን ከፎቶ ሥር የተጻፈ ሊንክ ቢነኩት አይከፍትም፤ እዚያ «በዲኤም ይላኩልን» ማለት ይሻላል። «ላይክና ሼር አድርጉ» የሚለውን ደግሞ አውጡት። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ እንዲህ ብለው የሚለምኑ ፖስቶችን ለጥቂት ሰው ነው የሚያሳየው።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው ግን ከዚህ በኋላ ነው። «38» ብላ ለላከች ሴት «ሰላም፣ ምን እንርዳዎት?» የሚል መልስ ይላካል። ቃል የተገባላት ፎቶ ነበር! የመጀመሪያው መልስ ፎቶው ራሱ ይሁን። ቁጥሩ ካለቀም ማለቁንና መቼ እንደሚገባ ወዲያው ንገሯት። ለዚህም ፎቶዎቹን በየቁጥሩ ለይታችሁ ስልካችሁ ላይ ሳታዘጋጁ ፖስቱን አትልቀቁት።